ከደሴ ወደ ከላላ የሚላክ ቪዲዮ፦ በዝግተኛ የሞባይል ዳታ እንዲደርስ ቢትሬትና ፎርማት አመራረጥ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የተቀረጸ የሰርግ ቪዲዮ ተቀናብሮ ሲያልቅ፣ ቤተሰቡ ሙሉውን ሥራ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይረከባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በሰርጉ ላይ ላልተገኙት፣ ለምሳሌ ከላላ ላሉ አያቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ ላለች እኅት፣ አጭሩን ማጠቃለያ በስልክ መላክ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከማቀናበሪያ ፕሮግራሙ በተለመደው ምርጫ የወጣ የ12 ደቂቃ ማጠቃለያ 1.8 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ኔትወርኩ በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት ብቻ በሚያሳልፍበት ሰፈር ይህን ፋይል መጫን፣ አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ እንኳ፣ 8 ሰዓት ይፈጃል። ተቀባዩ ደግሞ ያንኑ ያህል ዳታ ከራሱ ጥቅል ላይ ያወጣል።

ይህ መመሪያ ያንኑ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ከ1.8 ጊጋባይት ወደ 60 ሜጋባይት ገደማ እስክናወርደው ድረስ ደረጃ በደረጃ ይከተለዋል። የምንጠቀምበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኘው ሃንድብሬክ ነው፤ ስሌቱ ግን በፕሪሚየርም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው አይለወጥም።

ስሌቱ የሚጀምረው ከተቀባዩ ነው

ብዙ ሰው ቪዲዮ ማሳነስ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚነካው ሪዞሉሽኑን ነው፤ 1080 የነበረውን 720 ያደርግና ፋይሉ ይቀንሳል ብሎ ይጠብቃል። አንዳንዴ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም እምብዛም አይለወጥም፤ ምክንያቱም የፋይሉን መጠን የሚወስነው ሪዞሉሽኑ ሳይሆን ቢትሬቱ ነው። ቢትሬት ማለት ቪዲዮው ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደብለት የመረጃ መጠን ሲሆን፣ ይህ መጠን በሰከንዶቹ ብዛት ሲባዛ የፋይሉን ጠቅላላ መጠን ይሰጣል። በሰከንድ 20 ሜጋቢት የተመደበለት ቪዲዮ ስዕሉ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ 12 ደቂቃ ከፈጀ 1.8 ጊጋባይት መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ተቀባዩ ስንት ሜጋባይት ማውረድ ይችላል የሚለው ነው። ከዚያ መልስ ቢትሬቱ ይወጣል፣ ቢትሬቱ ደግሞ ምን ያህል ሪዞሉሽን መሸከም እንደሚችል ይታያል።

በእኛ ምሳሌ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን ጣሪያውን 60 ሜጋባይት አድርገናል እንበል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በቢት፣ የፋይል መጠን ደግሞ በባይት ስለሆነ፣ አንድ ባይት 8 ቢት መሆኑን ይዘን ስሌቱን እንዲህ እንሠራለን፦

```
60 ሜጋባይት × 8000 = 480000 ኪሎቢት
12 ደቂቃ × 60 = 720 ሰከንድ
480000 ÷ 720 = 666 ኪሎቢት በሰከንድ
```

ይህ 666 ለስዕሉ ብቻ የሚውል አይደለም፤ ድምፁም ከዚሁ ይወስዳል፣ MP4 ፋይሉ ራሱን ለማደራጀትም ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። ለድምፁ 64፣ ለማደራጃው ደግሞ 12 ያህል ስናስቀር ለስዕሉ የሚቀረው 590 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ከእንግዲህ የምናደርገው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ይመሠረታል። ፋይሉ በታሰበው መጠን ከወጣ፣ ቅድም 8 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጭነት በዚያው ግማሽ ሜጋቢት መስመር ወደ 16 ደቂቃ ይወርዳል።

ለምን H.264፣ ለምን MP4

ፎርማት ሲባል ሁለት ነገሮች ይቀላቀላሉ። MP4፣ MKV፣ MOV የሚባሉት ስዕሉንና ድምፁን በአንድነት የሚይዙ ዕቃዎች ናቸው፤ የፋይሉን መጠን በራሳቸው አይቀንሱም ለማለት ይቻላል። ስዕሉን የሚጨምቀው ኮዴኩ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚያጋጥሙት H.264 እና ተተኪው H.265 ናቸው።

H.265 በተመሳሳይ ጥራት ከH.264 ያነሰ ቢትሬት ይበቃዋል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ አንዳንዴም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለምን H.265 አንመርጥም ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ተቀባዩ እጅ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ርካሽ ወይም ቆየት ያለ ስልክ H.265ን በሃርድዌሩ መፍታት ላይችል ይችላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም ስዕሉ እየተንጠባጠበ ይሄዳል፣ ወይም ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም። ከላላ ያሉት አያት 60 ሜጋባይት አውርደው ጥቁር ስክሪን ካዩ፣ የወጣው ዳታ ሁሉ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የተቀባዩን ስልክ እርግጠኛ ሆነው እስካላወቁ ድረስ MP4፣ H.264 እና ለድምፅ AAC ይምረጡ። የሳዑዲዋ እኅት አዲስ ስልክ እንዳላት ከተረጋገጠ ለእርሷ ብቻ በH.265 ሌላ ቅጂ ማውጣት ይቻላል።

በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ የሚሠሩት ፈጣን ምርጫዎች በሃንድብሬክ ውስጥ `NVEnc` ወይም `QSV` በሚል ስም ይታያሉ። ሥራውን በጣም ያፋጥናሉ፤ ነገር ግን እንደኛ ባለ ዝቅተኛ ቢትሬት ላይ ስዕላቸው በፕሮሰሰር ከሚሠራው `x264` ያነሰ ይሆናል። እዚህ ላይ ጊዜ መክፈል ይሻላል።

590 ኪሎቢት ምን ያህል ስዕል ይሸከማል?

ቢትሬቱ ተወስኗልና አሁን የቀረው ጥያቄ ያው 590 ኪሎቢት በስንት ነጥብ ላይ ይከፋፈል የሚል ነው። ስዕሉ 1920 በ1080 ሆኖ በሰከንድ 25 ፍሬም ቢኖረው፣ በየሰከንዱ ወደ 52 ሚሊዮን ነጥብ መሳል አለበት፤ 590 ሺህ ቢት ለዚህ ሁሉ ሲከፋፈል ለአንድ ነጥብ 0.011 ቢት ይደርሳል። 1280 በ720 ሲሆን 0.026፣ 854 በ480 ሲሆን 0.058፣ 640 በ360 ሲሆን ደግሞ 0.10 ይሆናል። ለH.264 እንደ መነሻ የሚያገለግለው ልማድ፣ ከ0.05 በታች ሲወርድ ስዕሉ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች መቆራረጥ ይጀምራል፣ ወደ 0.1 ሲጠጋ ደግሞ ንጹሕ ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ የተቀረጸው ነገር ምንነት ቁጥሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊገፋው ይችላል። ለእኛ ቪዲዮ ግን 480 ትክክለኛው ቦታ መሆኑን በግልጽ ያሳየናል።

ትልቁን ሪዞሉሽን በትንሽ ቢትሬት ማስገደድ ከሁሉ የከፋ ውጤት እንደሚሰጥ አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። 1080 ሆኖ በ590 ኪሎቢት የወጣ ቪዲዮ፣ በዚያው ቢትሬት ከወጣው 480 ይልቅ የሙሽራዋን ፊት ያደበዝዛል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ስዕሉ ተቆራርጦ ካዩትና ቢትሬቱን መጨመር ካልቻሉ፣ መፍትሔው ሪዞሉሽኑን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከ480 በታች እንዳንወርድ ያስጠነቅቀናል፤ እርሱም በስዕሉ ላይ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የ«ሉ»ና የ«ሊ» ልዩነት ከፊደሉ ጎን የምትቀጠል አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ ስዕሉ ወደ 360 ሲወርድ ይህች ምልክት ትሟሟና የሙሽሮቹ ስምም ሆነ የግርጌ ጽሑፉ በትክክል የማይነበብ ይሆናል። ወደ 360 መውረድ ግድ ከሆነ፣ ጽሑፉን በማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድመው በትልቅና በወፍራም ፊደል ይጻፉት።

የፍሬም ብዛትም ከዚሁ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ከቀረጸ ወደ 25፣ በ60 ከቀረጸ ወደ 30 ማውረድ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚደርሰውን ቢት ወደ እጥፍ ያሳድገዋል። ከ30 ወደ 25 ግን አያውርዱ፤ ፍሬሞቹ እኩል ስለማይከፋፈሉ እንቅስቃሴው በመጠኑ የሚንገጫገጭ ይሆናል።

የተቀረጸው ነገርና ቢትሬቱ

ኮዴኩ ስዕል የሚያሳንሰው በአብዛኛው ከቀደመው ፍሬም ያልተለወጠውን ባለመድገም ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ የተቀረጸ ትዕይንት ጀርባው ስለማይንቀሳቀስ በጣም ጥቂት ቢት ይበቃዋል። እስክስታው ሲሞቅ፣ ካሜራውም በሕዝቡ መካከል ሲዞር ግን ሁሉም ነጥብ በየፍሬሙ ይለወጣል። በነፋስ የሚወዛወዝ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የዕጣን ጢስና ዝናብም እንዲሁ ናቸው፤ ለዓይን ቀላል ቢመስሉም ለኮዴኩ ከባዶች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የማታ ቀረጻ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው በስዕሉ ላይ የሚረጨው ብናኝ በየፍሬሙ አዲስ ስለሆነ፣ ኮዴኩ እንደ እውነተኛ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ቢት ያባክንበታል፤ ለፊት የሚገባው ድርሻ ለብናኝ ይሄዳል ማለት ነው። በሃንድብሬክ `Filters` ገጽ ላይ `Denoise` የሚለውን `NLMeans`፣ ጥንካሬውን ደግሞ `Light` ማድረግ ይህን ብናኝ ያለሰልሰዋል። ሥራው በጣም ይዘገያል፤ ለማታ ሰርግ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ከ`Light` በላይ ማለፍ ግን የፊትን ቆዳ እንደ ሰም ስለሚያደርገው አልመክረውም።

በሃንድብሬክ ላይ የሚሠራው

ፋይሉን ከከፈቱ በኋላ በ`Summary` ገጽ ላይ `Format` የሚለውን MP4 ያድርጉና `Web Optimized` የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ይህቺ ትንሽ ሳጥን ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። MP4 ፋይል የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ ሳጥኗ ምልክት ካልተደረገባት ማውጫው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ማጫወቻዎች ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ማሳየት አይጀምሩም።

በ`Dimensions` ገጽ ላይ የስፋቱን ጣሪያ 854፣ የቁመቱን 480 አድርገው፣ ከታች የሚታየው የመጨረሻ መጠን 854 በ480 መሆኑን ይመልከቱ። በ`Video` ገጽ ላይ `Video Encoder` የሚለውን `H.264 (x264)` ያድርጉ፣ `Framerate` ላይ 25፣ ቀረጻው በ30 ወይም በ60 ከሆነ ደግሞ 30 ይምረጡና `Constant Framerate` ላይ ያቁሙት። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ይህ ካልተደረገ በአንዳንድ ማጫወቻዎች ላይ ድምፁ ከከንፈር እየቀደመ ወይም እየዘገየ ሊሄድ ይችላል።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት የጥራት መንገዶች ያገኛሉ። `Constant Quality` የሚለው ጥራቱን ይጠብቃል እንጂ ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንደሚሆን አስቀድሞ አይናገርም፤ ለራስዎ ለሚያስቀምጡት ቅጂ መልካም ነው። እኛ ግን ጣሪያ ስላለን `Avg Bitrate` የሚለውን መርጠን 590 እንጽፋለን፣ `Multi-Pass Encoding` የሚለውንም እናበራለን፤ በቆዩት እትሞች ላይ ስሙ `2-Pass Encoding` ነው። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ ቪዲዮውን በመጀመሪያው ዙር ያጠናል፣ በሁለተኛው ዙር ከምርቃቱ ላይ የተረፈውን ቢት ለእስክስታው ያውላል፤ አማካዩ ግን 590 ሆኖ ይቆያል። `Encoder Preset` የሚለውን `Slow` ላይ ማድረግ በዚያው መጠን የተሻለ ስዕል ይሰጣል።

ወደ `Audio` ገጽ ሲያልፉ ይጠንቀቁ። ድምፁ እንዳለ እንዲገለበጥ ከተተወና በሰከንድ 320 ኪሎቢት ከሆነ፣ በ720 ሰከንድ ውስጥ ድምፁ ብቻውን 28.8 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ከ60ው ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ቪዲዮውን አሳንሼዋለሁ ፋይሉ ግን አልቀነሰም የሚል ሰው ካጋጠመዎ መጀመሪያ ይህን ገጽ እንዲያይ ይንገሩት። `Codec` የሚለውን AAC፣ `Bitrate` የሚለውን 64፣ `Mixdown` የሚለውን `Mono` ያድርጉት። በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚደመጥ ንግግርና ዘፈን ይህ ይበቃል። ቪዲዮው በአብዛኛው መንዙማ ከሆነና አድማጩ በጆሮ ማዳመጫ የሚያዳምጥ ከሆነ ግን `Stereo` አድርጎ 96 መስጠት ይገባል፤ ጭማሪው 3 ሜጋባይት አይሞላም።

ሙሉውን ከማስጀመርዎ በፊት እጅግ ከባዱን አንድ ደቂቃ፣ ማለትም ጭፈራው የጋለበትን ክፍል፣ በ`Range` ላይ `Seconds` መርጠው ብቻውን ያውጡት። ያ ደቂቃ ለብቻው በ590 ሲወጣ ከቀላሉ ክፍል ቢት መበደር ስለማይችል፣ በሙሉው ቪዲዮ ውስጥ ከሚኖረው ጥራት ያነሰ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እርሱ በስልክ ስክሪን ላይ ደኅና ሆኖ ከታየ ሌላው አያሰጋም። ከላፕቶፕ ስክሪን ላይ ግን አይፍረዱ።

መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት የላፕቶፑ ባትሪ መሙላቱን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። በመካከል የተቋረጠ MP4 ማውጫው ስላልተጻፈለት አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ ካቆመበት መቀጠልም ስለማይቻል ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

በፕሪሚየር የሚሠራ ሰው H.264 መርጦ `Bitrate Encoding` ላይ `VBR, 2 pass`፣ `Target Bitrate` ላይ ደግሞ ልኬቱ በሜጋቢት ስለሆነ 0.59 ይጽፋል። ሁለቱ ዙር የሚለው ምርጫ ካልታየው `Performance` የሚለውን `Software Encoding` ያድርገው። በትእዛዝ መስመር ለሚሠራ ደግሞ፣ በዊንዶውስ ላይ ይኸው ሥራ እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ቀረጻው በ30 ወይም በ60 ከሆነ በሁለቱም ላይ `-r 25` የሚለውን `-r 30` ያድርገው፦

```
ffmpeg -y -i serg.mp4 -vf scale=854:480,format=yuv420p -r 25 -c:v libx264 -preset slow -b:v 590k -pass 1 -an -f null NUL
ffmpeg -i serg.mp4 -vf scale=854:480,format=yuv420p -r 25 -c:v libx264 -preset slow -b:v 590k -pass 2 -c:a aac -b:a 64k -ac 1 -movflags +faststart serg_480.mp4
```

`format=yuv420p` የሚለው፣ ካሜራው ባለ10 ቢት ቀለም ቀርጾ ከሆነ ብዙ ስልኮች ወደሚከፍቱት ባለ8 ቢት እንዲመለስ ያደርገዋል። H.264 ሆኖ ሳለ ስልኩ ላይ አልከፈት የሚል ፋይል ቢገጥምዎ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው።

ፋይሉን መላክ

እንዲህ ተጠንቅቀን ያወጣነውን ፋይል ዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ስንልከው በራሱ መንገድ እንደገና ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ ነገር ዳግም ሲጨመቅ ደግሞ ያው ጉድለት ይደራረባል። ይህ እንዳይሆን ፋይሉን `Document` በሚለው በኩል ይላኩት። በቴሌግራምም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይቻላል። በዚሁ ምክንያት፣ አነስ ያለ ሌላ ቅጂ ማውጣት ቢያስፈልግዎ ሁልጊዜ ከ1.8 ጊጋባይቱ ዋና ፋይል ይነሡ እንጂ ከ60 ሜጋባይቱ አይነሡ።

የተቀባዩ ኔትወርክ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ከሆነ ቪዲዮውን በ`Range` አማካኝነት በአራት በአራት ደቂቃ ሦስት ቦታ ከፍለው በዚያው 590 ያውጡት። እያንዳንዱ ክፍል 20 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ አንዱ ቢቋረጥ እንደገና የሚወርደው እርሱ ብቻ ነው። አከፋፈሉ ግን ዘፈን ወይም ምርቃት መካከል ላይ እንዳይወድቅ፣ ትዕይንት የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጎ አንዱን ክፍል ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ሌላውን አራት ተኩል ማድረግ ይሻላል፤ ፋይሎቹንም 1፣ 2፣ 3 ብለው ቢሰይሟቸው ተቀባዩ በቅደም ተከተል ይከፍታቸዋል።